ግሉኮሳሚን፣ ኮንድሮይቲን ወይስ ሁለቱም? ለጉልበት ሕመም ከመግዛትዎ በፊት

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ጎረቤታችን እማማ ሦስት ጠርሙስ በፌስታል ይዘው ወደምሠራበት ፋርማሲ መጡ። አንዱን ልጃቸው ከቨርጂኒያ ልካላቸዋለች። ሁለተኛውን የእህታቸው ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ይዞላቸው መጣ። ሦስተኛውን ጓደኛቸው ነች የሰጠቻቸው፤ "እኔን አልሆነኝም፣ አንቺ ሞክሪው" ብላ። ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና "የቱን ልዋጥ ልጄ?" አሉኝ።

እማማ 67 ዓመታቸው ነው። ቀኝ ጉልበታቸውን አራት ዓመት ሆኖታል ካመማቸው። ራጅ ተነሥተው የመገጣጠሚያ መሸርሸር ነው ተብለዋል። ሐኪሞች ኦስቲኦአርትራይተስ የሚሉት ማለት ነው። ጠዋት ሲነሡ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይገትራቸዋል። ደረጃ ሲወርዱ ይብሳል። ቡና አፍልተው ከበርጩማ ሲነሡ ደግሞ ግድግዳ መያዝ ግድ ይሆንባቸዋል።

ሌላም ጭንቀት ነበራቸው። ቨርጂኒያ ልጃቸው ጋ በነበሩበት ጊዜ ሩዝ ውስጥ የገባ ሽሪምፕ ሳያውቁ በልተው ከንፈራቸው አብጦ፣ ገላቸው ሁሉ ተንደብድቦ ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። አለርጂ እንዳለባቸው የተነገራቸው ያኔ ነው። ከቨርጂኒያ የመጣው ጠርሙስ ጀርባ ላይ ደግሞ "ሽሪምፕና ሸርጣን አለበት" ተብሎ ተጽፏል። ልጃቸው ይህን ያየችው ከላከችው በኋላ ነው። ደውላ "እማ፣ እንዳትነኪው!" ብላቸዋለች።

የሦስቱ ጠርሙሶች ልዩነት ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለሆነ፣ ያን ቀን ለእማማ የነገርኳቸውንና ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የቨርጂኒያው ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን አንድ ላይ ያለበት ነው። የዱባዩ ግሉኮሳሚን ብቻ ነው። ጓደኛቸው የሰጠቻቸው ኮንድሮይቲን ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ምርጫዎችም በመሠረቱ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የቀረው፣ ቫይታሚን ዲም ይሁን ኮላጅን ወይም እርድ፣ ለማሻሻጫ የተጨመረ ነው።

ሁለቱም ንጥረ ነገሮች በተፈጥሮ በሰውነታችን ውስጥ አሉ። የአጥንቶቻችንን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አጥንት፣ ቅርጭጭት የምንለው፣ ከእነሱም ጭምር ነው የሚሠራው። ሐሳቡ የተነሣውም ከዚህ ነው። ቅርጭጭቱ ካለቀ፣ የተሠራበትን ነገር በአፍ እንስጠው ነው ነገሩ። ጉልበቱን ያመመውን ሰው የቅልጥም መረቅ ጠጣ የምንለውም በዚሁ ስሌት ነው።

ችግሩ ከአፍ እስከ ጉልበት ያለው መንገድ ነው። የተዋጠው ግሉኮሳሚን አንጀትንና ጉበትን አልፎ ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በቅርጭጭት ሕዋሳት ላይ ውጤት ካሳየው መጠን በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ "ቅርጭጭት የተሠራበት ነገር ስለሆነ ቅርጭጭት ይሠራል" የሚለው አባባል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሰዎች ላይ ተሞክሮ መታየት አለበት።

ሰዎች ላይ ሲሞከር ምን ታየ?

ከሁሉም ጎልቶ የሚጠቀሰው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የተሠራውና በ2006 የወጣው ጥናት ነው። ከሻጭ ኩባንያ ገንዘብ ውጪ የተሠራና ትልቅ ስለሆነ እኔም ሁሌ ወደ እሱ ነው የምመለሰው። የጉልበት መሸርሸር ያለባቸው 1,583 ሰዎች በአምስት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በቀን 1,500 ሚሊግራም ግሉኮሳሚን፣ ሌላው 1,200 ሚሊግራም ኮንድሮይቲን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ወሰደ። አራተኛው ሴሌኮክሲብ የሚባለውን የታወቀ የሕመም ማስታገሻ ወሰደ። አምስተኛው ምንም መድኃኒት የሌለበት፣ መልኩ ግን ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ክኒን ተሰጠው። ማን ምን እንደወሰደ ሕመምተኞቹም ሐኪሞቹም አያውቁም።

ከ24 ሳምንት በኋላ ሕመማቸው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የቀነሰላቸው ተቆጠሩ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 60 በመቶው ተሽሏቸው ነበር። ግሉኮሳሚን ከወሰዱት 64 በመቶ፣ ኮንድሮይቲን ከወሰዱት 65 በመቶ፣ ሁለቱንም ከወሰዱት 67 በመቶ ገደማ። በሦስቱና በባዶው ክኒን መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ያህል ነው። በአጋጣሚ ነው ሊባል የማይችል ልዩነት ያሳየው ሴሌኮክሲብ ብቻ ነው፤ እሱም 70 በመቶ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለው 60 በመቶ የምትለዋን ቁጥር ይዩዋት። ባዶ ክኒን ውጠው ከአሥር ስድስቱ ተሻላቸው ማለት ነው። ይህ ማለት ሰዎቹ ሕመማቸውን ፈጥረውት ነበር ማለት አይደለም። የጉልበት መሸርሸር ሕመም ይወጣል ይወርዳል። ሰው ክኒን ፍለጋ የሚሄደው ደግሞ በጣም ባመመው ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባይወስድም ብዙውን ጊዜ ሻል ማለቱ አይቀርም። በዚያ ላይ "መድኃኒት ይዣለሁ" የሚለው ተስፋ ራሱ ሕመምን ያቀላል። "ጎረቤቴ ወስዳ ዳነች" የሚለው ምስክርነት እውነት ሆኖ ሳለ፣ ክኒኑ ሠርቷል ማለት ላይሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ይኸው ጥናት ሻጮች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት አንድ ነገርም አለው። ሕመማቸው ከመካከለኛ እስከ ከባድ የነበሩትን ብቻ ለይተው ሲያዩ፣ ሁለቱንም ከወሰዱት 79 በመቶው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 54 በመቶው ተሽሏቸው ተገኘ። ትልቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን በየቡድኑ የቀሩት ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጥናቱም የታቀደው ይህን ጥያቄ ለመመለስ አልነበረም። አንድን ጥናት እየከፋፈሉ ደጋግመው ካዩት የሆነ ቦታ ላይ ጥሩ የሚመስል ቁጥር ማግኘት ቀላል ነው። ስለዚህ ትክክለኛው እርምጃ እንዲህ ሕመማቸው የበረታ ሌሎች ሰዎችን ይዞ እንደ አዲስ መሞከር ነው።

ተሞከረም። በ2017 የወጣ የስፔን ጥናት ከመካከለኛ እስከ ከባድ ሕመም ያላቸውን 164 ሰዎች ወስዶ ለግማሹ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ለግማሹ ባዶ ክኒን ሰጠ። ባዶ ክኒን የወሰዱት ሕመም በ33 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱት ሕመም የቀነሰው በ19 በመቶ ብቻ ነበር። ባዶው በለጠ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ይህን ጥናት እስካነበው ድረስ "ሕመሙ ለበረታበት ሰው ድብልቁ ሳይሻል አይቀርም" እል ነበር። ከዚያ በኋላ ማለት ትቻለሁ።

ሌላ ትልቅ ግምገማ ደግሞ በ2010 አሥር ጥናቶችንና 3,803 ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ አየ። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ብንለካው ግሉኮሳሚንም፣ ኮንድሮይቲንም፣ ሁለቱ በአንድ ላይም ከባዶ ክኒን በላይ የቀነሱት ከግማሽ ነጥብ አይበልጥም። ሰው "አዎ፣ ለውጥ አለ" የሚለው ልዩነት አንድ ነጥብ ገደማ ሲደርስ ነው ብለው ነበር ተመራማሪዎቹ የተነሡት።

ታዲያ "ይሠራል" የሚሉት ከየት አመጡት? በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ የተሠሩ ጥሩ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ የተሠሩት በአንድ የጣሊያን ኩባንያ በሚመረት፣ በሐኪም ማዘዣ በሚሸጥ የግሉኮሳሚን ሰልፌት ዱቄት ነው። ወጪውንም የሸፈነው በአብዛኛው ራሱ ኩባንያው ነው። ኮንድሮይቲንም እንዲሁ የመድኃኒት ደረጃ ባለው ምርት ሲሞከር መጠነኛ ጥቅም ያሳየበት ጊዜ አለ። በእነዚህ የተነሣ የሐኪሞች ማኅበራት ራሳቸው አልተስማሙም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 ሁለቱንም ለጉልበት አትጠቀሙ ብሎ አጥብቆ መክሯል። የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያም በ2022 ግሉኮሳሚን አትስጡ ይላል። አንድ የአውሮፓ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ በማዘዣ የሚሸጠውን ሰልፌት ይደግፋል። እኔ የማደላው ወደ መጀመሪያዎቹ ነው። ኩባንያው ያልከፈለባቸው ጥናቶች ላይ ጥቅሙ እየጠፋ መሄዱን ችላ ማለት አልቻልኩም።

ለመሞከር የቆረጠ ሰው የቱን ይያዝ?

ይህን ሁሉ ለእማማ በአጭሩ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና "ልጄ ከስንት አገር ልካው ዝም ብዬ ልጣለው?" አሉ። ገባኝ። አይጎዳኝም ብሎ፣ የሚጠብቀውንም አውቆ ልሞክረው የሚል ሰው መብቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ምርጫው እንዲህ ነው።

ከሦስቱ ግሉኮሳሚን ሰልፌት ብቻውን ያለበትን እመርጣለሁ። ከላይ እንዳልኩት ጥሩ ውጤት የታየባቸው ጥናቶች በአብዛኛው በሰልፌቱ የተሠሩ ናቸው። በ2006ቱ የአሜሪካ ጥናት ላይ የነበረው ሃይድሮክሎራይድ የሚባለው ዓይነት ነው። በሁለቱ መካከል በእርግጥ ልዩነት አለ ወይ የሚለው አሁንም ያከራክራል። ቢሆንም የሚሞክር ሰው ቢያንስ ጥሩ ውጤት የታየበትን ቢሞክር ይሻላል። ኮንድሮይቲን ከተጨመረበት ዋጋው ይወደዳል፣ ክኒኑም ይገዝፋል፤ ተጨማሪ ጥቅም ግን በአስተማማኝ አልታየም። ኮንድሮይቲን ብቻውን ደግሞ ጥሩ የሚባለው ምርት በማዘዣ የሚሸጠው ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ከዚያ ጋር እኩል ስለመሆኑ ዋስትና የለም።

መጠኑ በቀን 1,500 ሚሊግራም ነው፤ በአንዴ ቢወሰድ ይሻላል። እዚህ ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል። ጠርሙሱ ፊት ላይ በትልቁ "1,500" ተብሎ ይጻፋል። ጀርባውን ሲያዩት ግን ያ ቁጥር የሁለት ወይም የሦስት ክኒን ድምር ሆኖ ይገኛል። የእማማ የዱባይ ጠርሙስም እንደዚያው ነበር፤ አንዱ ክኒን 750 ነው። በቀን አንድ ቢውጡ ኖሮ ግማሹን ነበር የሚወስዱት። ስለዚህ ፊቱን ይተዉና ጀርባውን ያንብቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ማሟያ ነው የሚታዩት። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሻጩ ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጠርሙሱ ላይ ዩኤስፒ የሚል የማረጋገጫ ማኅተም ካለ በውስጡ ያለው መጠን ከተጻፈው ጋር መስማማቱ ተመርምሯል ማለት ነው። ማኅተሙ የሚነግርዎት ይህን ብቻ ነው። ስለመሥራቱ ምንም አይልም።

የሽሪምፑ ነገር

አሁን ወደ እማማ ትልቁ ፍርሃት እንምጣ። አብዛኛው ግሉኮሳሚን ከሽሪምፕና ከሸርጣን እንደሚሠራ እውነት ነው። የሚሠራው ግን ከሥጋው ሳይሆን ከልጣጩ ነው። ነገሩ የሚለየው እዚህ ጋ ነው።

አለርጂ ሰውነት አንድን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲያይ የሚመጣ ነው። ሽሪምፕ አለርጂ ያለባቸውን አብዛኞቹን ሰዎች የሚያስነሣባቸው ትሮፖማዮሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ያለው የእንስሳው ጡንቻ ውስጥ ነው፤ ማለትም የሚበላው ነጭ ሥጋ ውስጥ። ልጣጩ ጠንካራ የሆነበት ነገር ደግሞ ካይቲን ይባላል፤ እሱ የስኳር ዘር ነው እንጂ ፕሮቲን አይደለም።

ፋብሪካ ውስጥ ልጣጩ ይታጠባል። በአሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ የኖራው ዓይነት ማዕድን ይወጣል። ከዚያ በጠንካራ አልካሊ ይታጠባል፤ የተረፈ ፕሮቲን ካለ የሚሟሟው በዚህ ጊዜ ነው። የቀረው ካይቲን በጋለ ጠንካራ አሲድ ተሰባብሮ ግሉኮሳሚን ይሆናል። በመጨረሻም እንደ ጨው ወደ ጠጣርነት ተመልሶ ይጣራል። በዚህ ሁሉ አልፎ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከሽሪምፕ ሥጋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ለማለት ይቻላል።

ይህም በሰዎች ላይ ታይቷል። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ሽሪምፕ አለርጂ እንዳለባቸው የተረጋገጠ 15 ሰዎችን ይዞ፣ ከሽሪምፕ የተሠራ 1,500 ሚሊግራም ግሉኮሳሚን በክትትል ሥር ሰጣቸው። አንዳቸውም ላይ አለርጂ አልተነሣም። ከዚያ በፊት ስድስት ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ ሙከራም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር።

ታዲያ ጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያው ለምን ተጻፈ? አሜሪካ በ2004 ያወጣችው ሕግ እንደ ሽሪምፕ ካሉ ዋና ዋና የአለርጂ ምንጮች የተሠራ ምግብ ሁሉ ይህን በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ጽሑፉ የሚነግርዎት ዱቄቱ ከየት እንደመጣ ነው። ውስጡ አለርጂ የሚያስነሣ ፕሮቲን ተለክቶ ተገኘ ማለት አይደለም።

ይሁን እንጂ ገደቡንም ልንገርዎ። የተሞከሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው። የተሞከረውም በደንብ የተመረተ ዱቄት ነው፤ የተዝረከረከ ፋብሪካ ያወጣውን ማንም አልመረመረልንም። በግሉኮሳሚን የተነሣ የቆዳ ማሳከክ ወይም ማበጥ የገጠማቸው ሰዎችም አልፎ አልፎ ተዘግበዋል፤ ሽሪምፕ የማያስቸግረው ሰው ላይም ቢሆን። ስለዚህ ሽሪምፕ በልቶ መተንፈስ አቅቶት የሚያውቅ ሰው መፍራቱን አልፈርድበትም። ለእሱ ቀላል መፍትሔ አለ። ከበቆሎ በሻጋታ አማካይነት ተብላልቶ የሚሠራ ግሉኮሳሚን ይሸጣል። ጠርሙሱ ላይ "ከእንስሳ ያልተሠራ" ወይም "ከሽሪምፕ ነጻ" የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ለእማማም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። የዱባዩ ጠርሙስ ደግሞ እንዳጋጣሚ ከበቆሎ የተሠራ ነበር።

ኮንድሮይቲን ግን ከሽሪምፕ ጋር ጭራሽ ዝምድና የለውም። የሚሠራው ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከሻርክ ቅርጭጭት ነው። በሽሪምፕ ፍርሃት ኮንድሮይቲን ያልነኩ ሰዎች አይቻለሁ። በአንጻሩ እኛ አገር ልንጠይቀው የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከየትኛው እንስሳ ተሠራ? አሳማ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም አይሆንም። ክንፍና ቅርፊት ከሌላቸው የባሕር ፍጥረቶች የሚታቀብ ሰው፣ እስራኤል ያሉትን ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ ስለ ግሉኮሳሚኑም መጠየቁ ተገቢ ነው። የክኒኑ ሽፋን ጄላቲን ከሆነም የሚሠራው ከእንስሳ ነው። እማማም የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ይህን ጠየቁኝ። እኔ ማለት የምችለው ከምን እንደተሠራ ነው፤ የቀረውን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ አልኳቸው።

ከሽሪምፑ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው

ሁሉም ሰው ሽሪምፑን ሲፈራ ትክክለኛው አደጋ ተረስቶ ያልፋል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግሉኮሳሚንም ኮንድሮይቲንም ሲጀምር ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን እንደሚችል የሚያሳዩ ሪፖርቶች አሉ። እኛ አገር የልብ በር ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ናቸው፤ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት። ክኒኑ ደግሞ "ቪታሚን ነው" ተብሎ ስለሚሰጥ ለሐኪማቸው አይናገሩም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከሆኑ አይጀምሩት። ከጀመሩም ደምዎ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካውን የአይኤንአር ምርመራ ቶሎ ያድርጉ፤ ድድ መድማት፣ አፍንጫ መድማት፣ ሰውነት ላይ ያለ ምት መበለዝ ወይም ጥቁር ሰገራ ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ከዚህ ውጪ ለአብዛኛው ሰው ጉዳቱ ቀላል ነው። ሆድ መነፋት፣ ቃር፣ አንዳንዴ ተቅማጥ። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀንሳል።

በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ይገኛል?

ንጽጽሩ በሦስቱ ጠርሙሶች መካከል ብቻ ከሆነ ሐቀኛ አይሆንም። ዋናው ንጽጽር ከጠርሙሶቹ ውጪ ካሉት ጋር ነው።

የመጀመሪያው የዲክሎፌናክ ጄል ነው። ግሉኮሳሚንን አትጠቀሙ ያለው የአሜሪካ መመሪያ፣ ለጉልበት የሚቀባ ማስታገሻን አጥብቆ ይደግፋል። ከሚዋጠው ዲክሎፌናክ የሚለየው ደም ውስጥ የሚገባው በጣም ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ለጨጓራም ለኩላሊትም ይቀላል። ሰው "አልሠራልኝም" የሚለው ብዙ ጊዜ ጥቂት ስለሚቀባ ነው። የአንድ በመቶው ጄል ለአንድ ጉልበት በአንድ ጊዜ 4 ግራም ነው መጠኑ፤ በቀን እስከ አራት ጊዜ። 50 ግራም ያለው ቱቦ በቀን አራት ጊዜ እንደዚያ ቢቀባ አራት ቀን እንኳን አይቆይም። ጉልበቱን ዙሪያውን ሁሉ ያዳርሱት። ዋርፋሪን የሚወስዱ ወይም ኩላሊትዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን ለጄሉም ቢሆን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ሁለተኛው የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ለእማማ ያሳየኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብዙ ብነግራቸው አንዱንም አይሠሩትም ነበር። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ። ሳይደገፉ ይነሡ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ስምንት ጊዜ፣ አረፍ ብለው እንደገና ስምንት ጊዜ። በሳምንት ሦስት ቀን። ሲሠሩት ትንሽ ቢያም ችግር የለውም። ሕመሙ በማግስቱም ካልለቀቀ ግን በዝቷል ማለት ነውና ይቀንሱት። ወፈር ላለ ሰው ደግሞ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ እንደሚቀንስ ተለክቷል።

ሦስተኛው ምርኩዝ ነው። ሰው ሁሉ የሚይዘው በሚያመው ጉልበት በኩል ነው። መያዝ ያለበት በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ ጉልበት ከታመመ በግራ እጅ። የታመመው እግር ሲራመድ ምርኩዙ አብሮ ይራመዳል። እማማ ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ይዘው ነው የሚቆሙት፤ እሱንም ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። በርጩማውንም በከፍ ያለ ወንበር ለወጡት።

እማማ ምን አደረጉ?

ኅዳር ላይ ጄሉንና የወንበሩን እንቅስቃሴ ጀመሩ። ክኒኑን እንዲያቆዩት ለመንኳቸው። ሁሉንም በአንድ ቀን ቢጀምሩት የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነበራቸው። ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት የቀኑን ሕመም ከ0 እስከ 10 በየቀኑ ሣጥን ውስጥ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ሳምንት 7፣ 7፣ 6፣ 7፣ 8፣ 6፣ 7 ይላል። ጥር መጨረሻ ላይ 4 እና 5 መሆን ጀመረ።

የካቲት 1 ቀን የዱባዩን ክኒን ጨመሩ፤ በቀን ሁለት፣ ከምሳ ጋር። ሌላውን ምንም አልቀየሩም። ለክኒኑ የሰጠነው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ግሉኮሳሚን ቶሎ አይሠራም ስለሚባል ከዚያ ባነሰ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። ከዚያ በላይ መቆየትም ገንዘብ ማባከን ነው። ለመቀጠል የተስማማንበት መስፈርትም ግልጽ ነበር። የሳምንቱ አማካይ ቢያንስ በሁለት ነጥብ መውረድ አለበት፤ ክኒኑ ሲቆም ደግሞ ሕመሙ ተመልሶ መምጣት አለበት። ሁለተኛው የግድ ነው። ሕመሙ ክኒኑ ሲቆም ካልተመለሰ፣ የተሻለው በክኒኑ ነው ማለት አይቻልም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የቀን መቁጠሪያውን ነቅለው ይዘውልኝ መጡ። የመጨረሻው ሳምንት 4፣ 4፣ 5፣ 4፣ 3፣ 4፣ 5 ነበር። ክኒኑን ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው አልተለየም። አቆሙት። ግንቦት ሙሉውን ጻፉ፤ ያው 4 እና 5 ነው።

የሌላ ሰው የቀን መቁጠሪያ ሌላ ሊል ይችላል። ሁለት ነጥብ ወርዶለት፣ ሲያቆም ተመልሶበት፣ እንደገና ሲጀምር የተሻለው ሰው ቢመጣ ተው አልለውም። እንዲህ ሲለካ ግን ሕመሙ የተመለሰበት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጉልበቱ ድንገት አብጦ የሚጋል፣ ትኩሳት ያለበት፣ ወይም መሐል ላይ ተቆልፎ አልዘረጋ የሚል ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ንጽጽር ለእርስዎ አይደለም። ያ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።

እማማ ሰኔ ላይ ፋርማሲው በር ላይ ቆመው ከቨርጂኒያ ልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው። "ክኒኑን ተዪው የኔ ልጅ" አሏት። "መላክ ካለብሽ ጄሉን ላኪልኝ፤ ትልቁን ቱቦ።"